ማታ የሚያብጥ እግር፣ ጠዋት የሚያብጥ ፊት

ኮምቦልቻ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከሰዓት በኋላ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ገና ሳይቀመጡ እግራቸውን ያሳዩኛል። ጠዋት የገባው ጫማ ማታ አልገባ ይላል። የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚት ላይ መስመር ሠርቶ ይቀራል። በጣት ጫን ሲሉት ይሰረጉዳል።

ምክንያቱ። ማህፀን እየከበደ ሲሄድ ከእግር ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ደም ሥር ይጫነዋል። በእርግዝና ጊዜ ሰውነት ውሃም ይይዛል። ቀኑን ሙሉ ስትቆሚ ወይም ስትቀመጪ ያ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል፤ ኮምቦልቻ ደግሞ እንደ ደሴ ደጋ አይደለችም።

መፍትሄው። በግራ ጎንሽ ተኚ፣ እግርሽን ትራስ ላይ ከፍ አድርጊ። ሥራ ላይ ከሆንሽ በየሰዓቱ ተነስተሽ ትንሽ ተራመጂ። እግሬ አበጠ ብለሽ ውሃ መጠጣት አትቀንሺ። «ውሃ የሚያወጣ» ኪኒን ከጎረቤት ተቀብለሽ እንዳትውጪ። ሌሊቱን ተኝተሽ ጠዋት እብጠቱ ከጎደለ፣ ግፊትሽም ደህና ከሆነ፣ አብሽሪ።

እኔን የሚያሳስበኝ የጠዋቱ እብጠት ነው። ልብስ ስፌት የምትሠራ የ33 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነበረች። እግሯ ማታ ማታ ያብጣል፣ ጠዋት ይጎድላል። አንድ ቅዳሜ ግን ዓይኗ ሥር አብጦ ተነሳች። ቀለበቷ በሳሙናም አልወጣ አለ። አማቷ «ፊቷ ሞላ፣ እርግዝናው አማረባት» አሉ። ይህን አባባል ስሰማ እደነግጣለሁ።

እሁድ ራሷን አመማት፤ ኪኒን ብትውጥም አልተወ አላት። ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልባት ጀመር። ሰኞ ስትመጣ ግፊቷ 150/100 ነበር፣ አሳርፈን ስንለካም ያው። ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ። ከ20 ሳምንት በኋላ ግፊት 140/90 ሲደርስና ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲታይ ፕሪኤክላምፕሲያ እንለዋለን። ከተተወ ያንቀጠቅጣል፣ እናትንም ልጅንም ይወስዳል። መንቀጥቀጡን የሚከላከለውን የማግኒዥየም መርፌ ወጋናት፤ በአምቡላንስ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ገባች።

ስለዚህ ፊትሽ ወይም እጅሽ በድንገት ካበጠ፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከቀኝ ጎድንሽ ሥር ሕመም ከመጣ ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ ያኔውኑ ሂጂ። በሽታው ያለ ምንም እብጠትም ይመጣል። ክትትል በመጣሽ ቁጥር ግፊትሽ ይለካ፤ ከተረሳም «ለኩኝ» በዪ።

አንድ እግር ብቻ አብጦ ባቱን ካመመሽና ከሞቀ ነገሩ ሌላ ነው። ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል አታሺው፣ ወጌሻም ጋ አትሂጂ። በቀጥታ ሐኪም ቤት።

ግፊቱ ከወሊድ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ሊመጣ ይችላል። አራስ ሆነሽ ራስሽን ሲፈልጥሽ «እንቅልፍ አጥታ ነው» ቢሉሽም ተነስተሽ ተለኪ።