ፕሮፖዛሉ ጆሃንሰን ይላል፣ ቴስቱ ሌላ ይላል፦ ለአማካሪ የሚጻፈው ደብዳቤ ችግርና መፍትሄ

አራት ኪሎ አካባቢ የኢኮኖሚክስ ማስተርስ ተማሪዎችን የዴታ ሥራ አያለሁ። በየዓመቱ አንዱ ችግር ይመላለሳል።

ምልክቱ፦ በፕሮፖዛሉ የታቀደውን የትንተና ዘዴ ለመቀየር ለአማካሪ የሚጻፈው ደብዳቤ "ለምን?" ተብሎበት ይመለሳል። ውስጡ ያለው "ቫሪያብሎቹ I(0) እና I(1) ስለሆኑ ጆሃንሰን አይፈቀድም፣ ወደ ኤአርዲኤል ቀይሬያለሁ" የሚል አንድ መስመር ነው። ከሌላ ሰው ቴሲስ የተቀዳ መሆኑ ያስታውቃል።

ምክንያቱ፦ ጆሃንሰን I(0) ሲገባበት አይከለክልም፤ ውጤት ያወጣል። አደጋውም ይኸው ነው። I(0) የሆነ ቫሪያብል ብቻውን እንደ አንድ የረጅም ጊዜ ግንኙነት ይቆጠራል። ወጪ ንግድ፣ ምንዛሪና የዋጋ ግሽበት ገብተው ራንኩ 1 ቢሆን፣ የተገኘው ግሽበቱ ራሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። አማካሪው ሊያነብ የሚፈልገው ይህንን ነው።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ ቴስቱን አጥራ። ለብዙ ዓመታት በ2.07 የቆመው የዶላር ዋጋ በ1985 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 5.00 ብር ገባ። ኤዲኤፍ እንዲህ ያለውን ዝላይ አያውቅም፤ ዩኒት ሩት የሌለውን ቫሪያብል እንዳለው አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ስብራት የሚፈቅደውን ቴስትም በስታታ አሂድ፤ lner የምንዛሪው ሎግ ነው፦

```
dfuller lner, trend lags(1)
dfuller D.lner, lags(1)
ssc install zandrews
zandrews lner, break(both)
```

ሁለቱም ከተስማሙ ጻፍ፦

"ለተከበሩ አማካሪዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? በፕሮፖዛሌ ጆሃንሰንን አቅጄ ነበር። ወጪ ንግድና ምንዛሪ በሌቭል ዩኒት ሩት አላቸው፤ አንድ ጊዜ ሲቀናነሱ ይረጋጋሉ። ግሽበት ግን በሌቭሉ የተረጋጋ ነው። የ1985ቱን ለውጥ የሚፈቅደው ቴስትም ይህንኑ አሳይቷል። ግሽበትን በጆሃንሰን ውስጥ ብተወው ራንኩን ያለ ግንኙነት ከፍ ሊያደርግብኝ ስለሚችል፣ ሁለቱንም ዓይነት የሚቀበለውን የኤአርዲኤል ባውንድስ ቴስት እንድጠቀም ይፍቀዱልኝ። የጥናቱ ጥያቄ አልተለወጠም። የቴስቶቹን ሰንጠረዥ አያይዣለሁ።"

"ይፍቀዱልኝ" የሚለውን "ቀይሬያለሁ" አታድርገው። ሰንጠረዡንም በስልክ ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም አትላክ! የላግ ብዛቱና ትሬንድ መኖሩ ካልታየ ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም።

ትልቁ ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ ምሳሌ ላይ I(0) የሆነው ገላጩ ቫሪያብል ነው። I(0) የሆነው የሚገለጸው ከሆነ ግን ኤአርዲኤልም አያድንህም። የባውንድስ ኤፍ ቴስቱ የረጅም ጊዜ ግንኙነት ሳይኖር "አለ" ሊልህ ይችላል። ግሽበትን ራሱን የሚያጠኑ ተማሪዎች ኤፉ ትልቅ ሆኖ ሲያዩ ደስ ብሏቸው ዲፈንስ ይገባሉ፤ እዚያ ይጠየቃሉ። የገላጮቹ የሌቭል ኮፊሸንቶች በጋራ ዜሮ አለመሆናቸውን ለብቻ ፈትን።

I(2) ከወጣ፦ ባውንድስ ቴስቱን ተወው።

ኬፒኤስኤስ ከተጠቀምክ፦ መነሻ ግምቱ ከኤዲኤፍ ተቃራኒ ነው፤ ትንሽ ፒ ቫልዩ ማለት "አልተረጋጋም" ማለት ነው።