አማርኛ ለሚጀምር ሰው ምግብ ማዘዝንና «ይድገሙልኝ» ማለትን እንዴት ማለማመድ ይቻላል

ውጭ ያደገ የአክስት ልጅ ወይም የውጭ አገር ሙሽራ አዲስ አበባ ሲመጡ «ሽሮ እፈልጋለሁ» የምትለዋን ሸምድደው ይመጣሉ። እሷ አታስቸግርም። ችግሩ የሚመጣው አስተናጋጁ መልሶ ሲጠይቅ ነው። «ፈሰስ ይሁን ተጋቢኖ?» ሲባሉ ፈገግ ይሉና «እሺ» ይላሉ። ስለዚህ የምታለማምዱት ንግግር ዋና ቦታ መስጠት ያለበት ተማሪው ለማይሰማው ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ የአክብሮቱን አነጋገር ብቻ አስተምሩ። ምክንያቱ ጨዋነት ብቻ አይደለም። «ድገምልኝ» እና «ድገሚልኝ» ካላችሁት አፉን ከመክፈቱ በፊት ወንድ ነው ሴት ናት እያለ ያስባል። «ይድገሙልኝ» ግን ለሁለቱም ይሆናል። ለወጣት አስተናጋጅ ትንሽ ይከብድ ይሆናል እንጂ ማንም አይቀየምም። «እባክዎ»ንም በየዓረፍተ ነገሩ አትጨምሩበት፤ «ያምጡልኝ» ሲል አክብሮቱ እዚያው ውስጥ አለ።

ቀጥሎ ይቺን ንግግር አብራችሁ አንብቡ። ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ የምሳ ነው እንበል።

አስተናጋጅ፦ ምን ልታዘዝ?
ተማሪ፦ አንድ ሽሮ ያምጡልኝ።
አስተናጋጅ፦ ፈሰስ ይሁን ተጋቢኖ?
ተማሪ፦ አቤት?
አስተናጋጅ፦ ፈሰስ ነው ተጋቢኖ?
ተማሪ፦ ይቅርታ፣ ተጋቢኖ ምንድን ነው?
አስተናጋጅ፦ ወፈር ያለው ነው። እየፈላ በሸክላ ይመጣል።
ተማሪ፦ እሺ፣ ተጋቢኖ ይሁንልኝ።
አስተናጋጅ፦ ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ የጾሙን ላምጣ ወይስ በቅቤ ይሠራልዎ?
ተማሪ፦ ይቅርታ፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ።
አስተናጋጅ፦ በዘይት... ወይስ በቅቤ?
ተማሪ፦ በዘይት።
አስተናጋጅ፦ የሚጠጣስ?
ተማሪ፦ አምቦ ውሃ። አንድ ተጋቢኖ በዘይት፣ አንድ አምቦ ውሃ፣ አይደል?
አስተናጋጅ፦ ልክ ነው።

እዚህ ውስጥ ተማሪው ሦስት ጊዜ ተቸግሯል፤ ሦስቱም ችግር ግን የተለያየ ነው። በመጀመሪያው ድምፁ ራሱ አምልጦታል፤ ለዚህ «አቤት?» ይበቃል። የቃሏን መጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራት፤ ካላነሳት ሲጠሩት «አቤት» ያለ ይመስላል። «ምን?» እንዲል አትፍቀዱለት፣ ደረቅ ነው። በሁለተኛው በደንብ ሰምቷል፣ ቃሉን ነው የማያውቀው። ስለዚህ ቃሉን ራሱን መልሶ «ተጋቢኖ ምንድን ነው?» ይላል። በሦስተኛው ነገሩ ረዝሞ ፈጥኖበታል፤ «ቀስ ብለው ይንገሩኝ» ሲል አስተናጋጁ ብዙ ጊዜ ራሱ ያሳጥርለታል።

«አልገባኝም» ለምን ቀረች? ምኑ እንዳልገባው አትናገርም። አስተናጋጁ የሚረዳው የትኛው ቃል እንደሆነ ሲያውቅ ነው፤ ካላወቀ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ከዞረ ደግሞ «በአማርኛ ይንገሩኝ፣ እየተማርኩ ነው» ማለት ይቻላል። ይቺን እንደ መጠባበቂያ ያጥናት።

ሁለት ሦስት ጊዜ ካነበባችሁ በኋላ ወረቀቱን አስቀምጡትና እናንተ አስተናጋጅ ሁኑ። ፍጥነታችሁን አትቀንሱ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ቀስ ብሎ የሚያወራ አስተናጋጅ የለም። እንዲያውም ንግግሩን አበላሹበት። «ተጋቢኖ አልቋል» በሉት። «ታዲያ ምን አለ?» ካለ «ምስር አለ፣ በያይነቱ አለ፣ ፓስታ በአትክልት አለ፣ ፉል አለ» ብላችሁ በአንድ ትንፋሽ ዘርግፉት። ሁሉንም መያዝ አይጠበቅበትም። አንዷን ይዞ «በያይነቱ አሉኝ?» ማለት ከቻለ ምሳ በላ ማለት ነው።

ገብቶት ይሁን በይሉኝታ «እሺ» እያለ መሆኑን የምትለዩበት ዘዴ አለ። «ቃሪያ ልጨምር?» ብላችሁ አትፈትኑት፤ ሳይገባውም «እሺ» ቢል መልስ ይሆንለታል። «ቃሪያው ስንግ ይሁን እንዲሁ?» በሉት። «እሺ» ካለ ተያዘ። ያን ጊዜ ትርጉሙን አትንገሩት፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁት። «አቤት?» ወይም «ስንግ ምንድን ነው?» እስኪል ድረስ ምግቡም አይመጣም።