ሆድ ሳያባቡ የአራስ ልጅን ፎቶ መለጠፍ፦ ከሥሩ ምን ይጻፋል?

ልጅ ሲወለድለት ቃል የሚጎርፍለት አባት አለ። እኔና መሰሎቼ ግን «የሕይወቴ ብርሃን» ብለን መጻፍ አንችልም። ብንጽፈው እንኳ የሚያውቁን ሰዎች ስልኩ የተሰረቀ ይመስላቸዋል። ፎቶውን ባዶውን መለጠፍ ደግሞ አያዋጣም። ሰው ወንድ ይሁን ሴት፣ መቼ እንደተወለደ፣ እናቱ ደህና መሆኗን ማወቅ ይፈልጋል። ካልተነገረው ይደውላል፤ የሚደውለውም ቤቱ በሙሉ ገና እንቅልፍ ሲይዘው ነው።

እኔ የያዝኩት መንገድ ጽሑፉን እንደ ዜና መቁጠር ነው። ደዋዩ የሚጠይቀውን አስቀድሞ መመለስ፣ ከዚያ አባት ብቻ ሊያየው የሚችለውን አንድ ነገር መጨመር፣ በቃ። ስሜቱ ካለ ከዚያች አንድ ነገር ውስጥ ይገኛል፤ ለብቻው መጻፍ አያስፈልገውም።

መጀመሪያ ስልክ ይደወላል

ከመለጠፋችሁ በፊት በድምፅ መስማት የሚገባቸው ሰዎች አሉ። ሁለቱ አያቶች፣ የባለቤታችሁ እህትና ወንድም፣ ከታሰበ ደግሞ የክርስትና እናት ወይም አባት። «እኔ የልጅ ልጄን ከፌስቡክ ልስማ?» የሚል ቅሬታ በገንፎም በስጦታም አይሽርም። ሁለቱንም አያቶች ከመሐል ብዙ ጊዜ ሳታሳልፉ ደውሉላቸው፤ ማን ቀድሞ እንደሰማ በኋላ ይጠያየቃሉ።

ቀጥሎ ፈቃድ ነው። የእናትየውን ፈቃድ ማለቴ ነው። ፎቶው ላይ እሷ ካለች ደግሞ ስልኩን ሰጥታችኋት ራሷ ትምረጥ። በምጥ ይሁን በኦፕራሲዮን መውለዷን፣ ምጡ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ እነዚህ የእሷ ወሬዎች ናቸው። እሷ ካልጻፈቻቸው አይጻፉም።

ፎቶውን እንደ እንግዳ ሰው ማየት

ፎቶውን አጉልታችሁ ጥጋ ጥጉን ተመልከቱ። የሕፃኑ እጅ ወይም እግር ላይ የታሰረችው የሆስፒታል መለያ ብዙ ጊዜ የእናትየውን ሙሉ ስም ይዛለች፤ የካርድ ቁጥርም ሊኖርባት ይችላል። ይቆረጥ ወይም ይሸፈን። ከኋላ የተኙ ሌሎች እናቶች ካሉም እንደዚሁ። እነሱ በእናንተ ደስታ ውስጥ ፎቶ ለመነሳት አልተስማሙም።

የልጅቷ ፊት ይታይ ወይስ አይታይ የሚለው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ክርስትና ሳትነሳ የልጅ ፊት ለሰው ዓይን አይሰጥም የሚሉ አያቶች ብዙ ናቸው። ከእነሱ ጋር ክርክር መግጠም ለአራስ ቤት አይሆንም፤ እግሯን ወይም እጇን አንሱና ለጥፉ። ለእኛ ዓይነቱ አባት እንዲያውም ይቀላል፤ እግር ሥር «መልአክ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ፊቷ ለምን እንዳልታየ ግን ማብራሪያ አትጻፉ።

ደዋዩ የሚጠይቀውን መመለስ

የመጀመሪያው መስመር ዋናውን ይያዝ። ፌስቡክ ረዘም ያለ ጽሑፍን ቆርጦ ከፊሉን ይደብቃል፤ ኢንስታግራምም ገና በመጀመሪያዎቹ ቃላት ላይ ያቋርጣል። «ሴት ልጅ ተወለደችልን» ብትሉ በ3 ቃል ዜናው አለቀ። ከዚያ ወዲያ የሚያነበው ጊዜ ያለው ነው።

የትውልድ ሰዓት ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ያምታታል። የእኔ ልጅ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ40 ላይ ተወለደች። «ማክሰኞ ሌሊት» ብዬ ብጽፍ ገሚሱ ሰው ማክሰኞ ለረቡዕ የሚያነጋውን ሌሊት ይረዳ ነበር። ስለዚህ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» ይባላል፤ ይህ አነጋገር የተፈጠረው ለዚሁ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያለው አጎቷ ደግሞ ዜናውን የሰማው ገና ሰኞ ማታ ሳለ ነው፤ በዚያን ሰሞን ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸውና በእነሱ ሰዓት ሰኞ ማታ 8፡40 ነበር። ውጭ አገር ዘመድ ከበዛባችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር «ኦክቶበር 21» የምትል ጨምሩ። አለዚያ የልደቷ ቀን በየአገሩ ይለያያል። የፈረንጁን የሰዓት አቆጣጠር ግን አትጨምሩ፤ 9፡40 እና 3፡40 ጎን ለጎን ከቆሙ መንታ የተወለደ ይመስላል።

ክብደት መጻፍ ልማድ ሆኗል፤ ከጻፋችሁ «ስትወለድ» የምትል ቃል ትኑርበት። ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ክብደት መቀነሳቸው የተለመደ ነው፤ በሳምንቱ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ በዓይኑ መዝኖ «ከሳች እኮ» እንዳይል። ከ2 ኪሎ ተኩል በታች የተወለደ ልጅ በሕክምናው አነስተኛ ክብደት ያለው ይባላልና ቁጥሩ ከዚያ በታች ከሆነ ብትተዉት ይሻላል፤ አስተያየት መስጫው የምክር መድረክ ይሆንባችኋል። ልጁ ማሞቂያ ክፍል ውስጥ ካለ ደግሞ ጽሑፉ በሙሉ ይቆይ። ለቅርብ ሰው በስልክ ይነገራል፣ ፎቶው ልጁ ቤት ሲገባ ይደርሳል።

ስም ካልወጣ «ስም ገና አልወጣላትም» በሉ። በኦርቶዶክስ ቤት ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሱ የክርስትና ስሟ ወደፊት ነው፤ በሙስሊሙ ቤትም ስም ብዙ ጊዜ ከ7ኛው ቀን አቂቃ ጋር ይወጣል። የቤት ስም ላይ ደግሞ አያቶች ገና እየተደራደሩ ይሆናል። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር የዘለለ አባት «ማን አላችኋት?» ለሚለው ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ሲመልስ ይከርማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእናትየው ነገር ነው። «በሰላም ተገላግላለች» ከሚለው የተሻለ የለም። ሰው ይህን ሳያነብ ልጅቷን በደንብ አያያትም፤ ስለዚህ ከክብደቱ በፊት ቢመጣ ደስ ይለኛል።

አንድ ያያችሁት ነገር

እዚህ ላይ ነው ጽሑፉ ከማስታወቂያ የሚለየው። ጥቂት ደቂቃ ሕፃኗን ዝም ብላችሁ ተመልከቱና ያደረገችውን ነገር ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። የተሰማችሁን ትታችሁ ያያችሁትን ብቻ። መፈተኛው ይህ ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን አንሥታችሁ ከሌላ ሰው ልጅ ፎቶ ሥር ብትለጥፉት ይሄዳል? ከሄደ ጣሉት። «ጣቶቿ ትንንሽ ናቸው» የሁሉም ሕፃን ጣት ነው። «አባቷን ቁርጥ» ደግሞ ከእናትየው ወገን ጋር ክስ ይከፍታል።

እኔ የመዘገብኩት ይህን ነበር፦ ታዛጋለች፤ ግራ እጇን ከጥቅልሉ ታወጣለች፤ ስታስነጥስ በራሷ ድምፅ ደንግጣ ሁለት እጇን ትዘረጋለች። አራስ ሕፃናት አፍንጫቸውን ለማጽዳት ቶሎ ቶሎ ያስነጥሳሉ፤ ሲደነግጡ እጃቸውን መዘርጋታቸውም የተፈጥሮ ነው። ቢሆንም ሁለቱ ተያይዘው ሲመጡ የሷ የሆነ ነገር ሆኑ። ሦስተኛውን መረጥኩ።

ቀልድ ላይ ተጠንቀቁ። ስሜት የማይወድ አባት መሸሸጊያው ቀልድ ነው፤ «እንቅልፍ፣ ደህና ሁን» የሚል ነገር ይመጣለታል። ይህን ግን ሁሉም አባት ጽፎታል። ባለቤታችሁ ስፌቷን ይዛ ስታነበው ደግሞ እንቅልፍ ያጣው ማን እንደሆነ ታስታውሳችኋለች።

መቁረጥ

የባለቤቴ ታናሽ እህት «ጋሼ፣ አንተ ስትጽፍ የቀበሌ ማስታወቂያ ይመስላል፤ እኔ ልጻፍልህ» ብላ ይህን ላከችልኝ፦

«ዓለሜ! የልቤ ትርታ! እናትሽን አስጨንቀሽ ዛሬ ሌሊት መጣሽልን። ደስታዬን የምገልጽበት ቃል የለኝም። ልዕልታችን፣ የቤታችን ፀሐይ፣ አባትሽ ለዘላለም ይወድሻል!!! ፈጣሪ ይመስገን።»

ልጅቷን የምትወድ አክስት ናት፤ ቢሆንም መቀስ አነሣሁ። መጀመሪያ የለወጥኩት «አንቺ»ን ወደ «እሷ» ነው። ልጅቷ አታነብም፤ የሚያነቡት ዘመዶቿ ናቸው። ለሕፃን መናገር ሲቆም ግማሹ ማባበያ አብሮ ይወድቃል፤ «ዓለሜ»፣ «የልቤ ትርታ» እና «ለዘላለም ይወድሻል» መቆሚያ አጡ። «ዛሬ ሌሊት» ነገ የሚያነበውን ያሳስታልና በቀን ተተካ። «ቃል የለኝም» ካሉ በኋላ መጻፍ መቀጠል አይገባኝም። «አስጨንቀሽ» የምትለው የእናትየው ወሬ ስለሆነች ወጣች። ቃለ አጋኖዎቹ በአራት ነጥብ ተተኩ።

ያልነካሁት «ፈጣሪ ይመስገን»ን ነው፤ ወደ «ተመስገን» አሳጠርኩት እንጂ። እኔ የማልወደው ሰው ሆነ ብሎ የሚያስለቅስ አነጋገር ነው፤ ምስጋና ከዚያ አይቆጠርም። ሰላምታን ያህል የተለመደ ነገር ነው፤ ሲጎድል ደግሞ ሰው «ምን ሆነው ነው?» ብሎ ይጠረጥራል። በሙስሊም ቤት «አልሐምዱሊላህ» እንደዚሁ ነው። አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ፣ ይበቃል።

የወጣው ይህ ነው፦

«ሴት ልጅ ተወለደችልን። ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ጥቅምት 11 (ኦክቶበር 21)፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ40። እናቷ በሰላም ተገላግላለች፤ ገንፎው ቅቤ አንሶታል ብላለች። ልጅቷ ስትወለድ 3 ኪሎ ከ100 ግራም ነበረች። ስም ገና አልወጣላትም። ስታስነጥስ በራሷ ድምፅ ትደነግጣለች። ተመስገን።»

የገንፎዋን ነገር የጨመረችው ባለቤቴ ናት። እኔ ብጽፈው ስሞታ ይመስል ነበር፤ እሷ ስላለችው ግን ደህና መሆኗን ከማንኛውም ቃል በላይ ይናገራል። «ተወለደችልን» ካልን «ሴት» የምትለው ትርፍ ናት የሚል ካለ ልክ ነው፤ ግን አያቷ መነጽር ሳያደርጉ በሰው ስለሚያስነብቡ ተውኳት።

ከመለጠፋችሁ በፊት ጽሑፉን ለእናታችሁ በስልክ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አፋችሁ ላይ የከበደች ዓረፍተ ነገር ካለች እሷ ትውጣ።

ከተለጠፈ በኋላ

«እንኳን ማርያም ማረሽ» የሚለው ለእናትየው ነውና እሷን አሳይዋት፤ አሜን የምትለው እሷ ናት። ለሌላው «እናመሰግናለን» ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ የተለየ መልስ ልጻፍ ካላችሁ የቆረጣችሁት ሁሉ በጓሮ በር ይመለሳል። «ማንን ትመስላለች?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አትስጡ፤ ሁለቱ ወገኖች እዚያው አስተያየት መስጫው ላይ ይጨራረሱ።