ኮታ አከፋፈልና የደከመ የሽያጭ ሠራተኛ አያያዝ፦ ለአዲስ ሱፐርቫይዘር

ሱፐርቫይዘር በሆንኩበት የመጀመሪያ ወር የሠራሁት ስህተት እስካሁን ይቆጨኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ብስኩት ለሱቆች የሚያከፋፍል ድርጅት ነበር። ከላይ የመጣው ዕቅድ በወር 2,400 ካርቶን ነው፤ ሠራተኞቼ አራት ናቸው፤ ለአራት አካፍዬ ለእያንዳንዳቸው 600 ሰጠሁ። እኩል ስለሆነ ፍትሐዊ መስሎኝ ነበር። የመርካቶው ልጅ ለጅምላ ነጋዴዎች ስለሚሸጥ ወሩ ሳይጋመስ ኮታውን ጨረሰ። ሦስቱ ኮሚሽን ሳያገኙ ወሩ አለቀ፤ አንዷ በሚቀጥለው ወር ሥራውን ለቀቀች። ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ኮታ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሠራው። መነሻው ሠራተኛው የሚዞርበት መስመር እንጂ የድርጅቱ ዕቅድ አይደለም። የሳሪስን መስመር ልውሰድ። መጀመሪያ በእግር ዞራችሁ ሱቆቹን ቁጠሩ። መዝገብ ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ፤ የተዘጋ ሱቅ፣ ወደ ፀጉር ቤት የተቀየረ ሱቅ ሁሉ እዚያ ውስጥ እንዳለ ይቆያል። እኛ መዝገብ ላይ 230 ነበሩን፤ ስንቆጥር 180 ሆኑ። ሠራተኛው በሳምንት ስድስት ቀን ስለሚሠራ በቀን 30 ሱቅ ይደርሰዋል፤ እያንዳንዱን ሱቅ በሳምንት አንዴ ያያል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሦስት ወር ደረሰኝ አውጡና ሁለት ነገር ፈልጉ። ከሚጎበኙት 30 ሱቆች በቀን ስንቱ ያዝዛሉ? አንድ ሱቅ ሲያዝዝ በአማካይ ስንት ካርቶን ይወስዳል? ሳሪስ ላይ 12 ሱቅ ያዝዝ ነበር፤ አማካዩ አንድ ካርቶን ተኩል። በቀን 18 ካርቶን፣ በ24 የሥራ ቀን 432 ካርቶን ይሆናል። መስመሩ ዛሬ የሚሰጠው ይህን ነው። በዚህ ላይ አሥር በመቶ ብንጨምር 475 ገደማ ይመጣል፤ በሠራተኛው ዓይን ሲታይ በቀን አንድ ተጨማሪ ሱቅ ማሳመን ማለት ነው። የሚቻል ነው። እኔ የሰጠሁት 600 ግን በቀን ወደ 17 ሱቅ እንዲያዝዝ ይጠይቅ ነበር። ይህን አስቀድሜ አስልቼው ቢሆን ኖሮ ለመስጠት እጄ አይታዘዝልኝም ነበር።

ከዚያ ወቅቱን አስቡበት። ብስኩት ከተማሪ ጋር የተያያዘ ዕቃ ነው፤ ትምህርት ቤት አጠገብ ያሉ ሱቆች ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይቀዘቅዛሉ፣ መስከረም ላይ ይነቃሉ። ስለዚህ የግንቦትን ደረሰኝ ይዞ የሐምሌን ኮታ መስጠት ስህተት ነው፤ ያለፈውን ዓመት ሐምሌ ተመልከቱ። አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ ካለም የመጀመሪያ ወሩን በካርቶን አትለኩት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በስድስት ቀን ሳምንት ሲሰላ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ነው። በመጀመሪያው ወር ሱቆቹን በትክክል መጎብኘቱን፣ በሁለተኛው ስንት ሱቅ እንዳዘዘው፣ ካርቶኑን ከዚያ በኋላ እዩ።

የአራቱ መስመሮች ድምር ከድርጅቱ ዕቅድ በታች ሊሆን ይችላል። የእኛ 2,050 መጣ፤ 350 ጎደለ። እዚህ ላይ ብዙ አዲስ ሱፐርቫይዘር አለቃውን ፈርቶ ጉድለቱን በሠራተኞቹ ላይ ያራግፋል። እባካችሁ አታድርጉት። ሒሳቡን ይዛችሁ ወደ ሥራ አስኪያጁ ግቡና ጉድለቱ ከየት እንደሚሞላ ተነጋገሩ፦ አዲስ ሰፈር ይከፈታል? አምስተኛ ሠራተኛ ይቀጠራል? ወይስ ዕቅዱ ይስተካከላል? ጉድለቱ ሠራተኛው ላይ ሲጫን ወር መጨረሻ ላይ ለሚግባባው ባለሱቅ «ለኔ ስትል ውሰድልኝ» ብሎ በዱቤ ይጭንበታል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በወሩ የመጨረሻ ሦስት ቀን ሽያጩ ይፈነዳል፣ በቀጣዩ ወር የመጀመሪያ ሳምንት ይሞታል፣ ቆይቶ ጊዜው ያለፈበት ብስኩት ይመለሳል።

ኮታው ትክክል ከሆነ በኋላ ወደኋላ የቀረውን ሠራተኛ መርዳት ይቻላል። ከዚያ በፊት የምትሰጡት ምክር ሁሉ ወቀሳ ነው የሚሆንበት።

ሳሪስን ከሌላ ሠራተኛ የተረከበ አንድ ልጅ ነበር። ኮታው 475፣ የሸጠው 288። «ጠንክር» ብዬው ቢሆን የትኛውን እንደሚያጠነክር አያውቅም። ሦስቱን ቁጥሮች አየሁ፦ በቀን 30 ሱቅ ይጎበኛል፣ ጥሩ፤ ሱቁ ሲያዝዝ አንድ ካርቶን ተኩል ይወስዳል፣ ጥሩ፤ ግን የሚያዝዙት በቀን ስምንት ብቻ ናቸው። ችግሩ ባለሱቁ ፊት ቆሞ በሚያሳልፋት ሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው ማለት ነው።

አንድ ሙሉ ቀን አብሬው ዋልኩ። ከባድ የሆነብኝ ዝም ማለት ነበር፤ ሱፐርቫይዘሩ ገብቶ ከሸጠለት ሠራተኛው ምንም አይማርም። ልጁ መስኮቱ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ብስኩት ይፈልጋሉ?» ይላል። «አለ፣ አለ» ይሉታል። አመስግኖ ይሄዳል። እኔ አንገቴን አስግጌ መደርደሪያውን ሳይ የቀረው አራት ፓኬት ነው፤ ካርቶኑ ባዶውን ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ከአምስተኛው ሱቅ በኋላ ቡና እየጠጣን መጀመሪያ እሱን ጠየቅኩት፦ «የመጨረሻዋ ሱቅ ውስጥ ስንት ፓኬት ቀርቶ ነበር?» አላወቀም። ራሱ ነው የነቃው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ተስማማን፤ ከሰላምታ በኋላ ከመጠየቁ በፊት መደርደሪያውን ይቆጥራል። በሚቀጥለው ሱቅ እኔ አሳየሁት፣ ከዚያ በኋላ እሱ ቀጠለ። «እትዬ፣ ባለፈው ማክሰኞ አንድ ካርቶን ወስደው ነበር፤ የቀረው አራት ፓኬት ነው፣ እስከ ማክሰኞ አያደርስዎትም። አንድ ላስቀምጥልዎት?» ሴትዮዋ ዞር ብለው መደርደሪያቸውን አዩና «እውነትህን ነው» አሉት።

ያየሁበት ስህተት ሌላም ነበር፤ ዋጋ ሲጠቅስ ድምፁ ይወርዳል፣ አዲሱን ዓይነት አያሳይም። አልነገርኩትም። በአንድ ቀን አራት እርማት የተሰጠው ሰው አንዱንም አይዝም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከስምንት ወደ አሥር ሱቅ እንዲደርስ ተስማምተን ደብተር ላይ ጻፍን፣ በየቅዳሜው አሥር አሥር ደቂቃ ቁጥሩን አብረን እናይ ነበር። ካርቶኑን አላነሳሁበትም፤ ያዘዙት ሱቆች ሲበዙ እሱ ይከተላል።

የጉብኝት ቁጥር አንሶ ቢሆን ኖሮ የምመለከተው መስመሩን ነበር፤ አንዱ ሱቅ ከሌላው ርቆ ግማሽ ቀን በታክሲ ያልቅ ይሆናል። አማካዩ አንሶ ቢሆን ደግሞ ስንት ዓይነት ብስኩት እንደሚያሳይ።

ሦስቱም ቁጥሮች አብረው የወረዱበት ጊዜ ግን ሰውየውን ከመናገራችሁ በፊት ገበያውን ጠይቁ። ሳሪስ ላይ በአንድ ወቅት ሁሉም ሱቅ እምቢ ይል ጀመር። አንዱን ባለሱቅ «ጋሼ፣ ምን አጠፋን?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ መርካቶ ከጅምላ ነጋዴ ያመጡትን የራሳችንን ካርቶን አሳዩኝ፤ እኛ ከምንሰጣቸው በርካሽ ነው የገዙት። የመርካቶው ሠራተኛ ኮታ የሞላው የሳሪሱን እየወሰደ ነበር። ይህ በምክር አይስተካከልም፤ የጅምላ ቅናሹን መቀነስ ነበረብን። መጋዘን ውስጥ ዕቃ የጠፋባቸውን ቀናትም ከኮታው ቀንሱ። ያልቀረበለትን ዕቃ አልሸጥክም ተብሎ ደሞዙ የተነካ ሠራተኛ በሚቀጥለው ጊዜ የምትነግሩትን አይሰማም።