የሚያፈስ ሶሌታ ጣሪያ ላይ ሜምብሬን ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ሶሌታ ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው ሱቅ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ በሐምሌ ነው። ሳሎን ውስጥ ባልዲ ተደቅኗል፣ ኮርኒሱ ቢጫ እድፍ ሠርቷል፤ "የትኛው ሜምብሬን ይሻላል?" ብሎ ይጠይቃል፤ ውሃ እንዳያስገባ ጣሪያውን የሚያለብሰውን ነገር ማለቱ ነው። ሻጩም እጁ ላይ ያለውን ይሰጠዋል። እኔ ግን ከዕቃው በፊት ጣሪያው ይታይ ባይ ነኝ። ለምሳሌ አዘዞ አካባቢ የሚበዛውን ዓይነት ቤት እንውሰድ። ጂ ፕላስ ዋን ነው፣ ጣሪያው 10 በ12 ሜትር፣ ዙሪያውን ፓራፔት፣ ማለትም አጭር የጠርዝ ግንብ፣ አለው። አንድ ጥግ ላይ የውሃ ታንከር አለ። ወደፊት ፎቅ ለመጨመር ታስቦ ከኮለኖቹ አናት ላይ ፌሮው እንደቆመ ቀርቷል።

ውሃው የሚገባበትን ሳያውቁ መግዛት

እድፉ ያለበት ቦታና ውሃው የገባበት ቦታ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ውሃ በሊሾውና በሶሌታው መሃል ተሹለክልኮ ራቅ ብሎ ይወርዳል። እድፉ አናት ላይ ሬንጅ ቀብቶ መውረድ ብዙ ጊዜ ከንቱ የሚሆነው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጣራ፦ በበጋም ይረጥባል? ከሆነ ጥፋቱ የታንከሩ ወይም የቧንቧው ሊሆን ስለሚችል ቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ። በዝናብ ብቻ ከሆነ ሦስት ቦታ በቅርብ ይዩ፦ የዝናብ ውሃ መውረጃው አፍ ዙሪያ፣ ፓራፔቱ ከወለሉ የሚገናኝበት ጠርዝ፣ የፌሮው ሥር። ከሦስቱ ሰው የሚዘነጋው ፌሮውን ነው። ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፣ ዙሪያውን ያለውን ኮንክሪት ይሰነጥቃል፤ ውሃውም ብረቱን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ሥሩ ላይ ቀይ ቡኒ ቀለበትና የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ካዩ አንዱን መግቢያ አገኙት ማለት ነው።

ያቆረ ውሃ ላይ ሜምብሬን ማልበስ

ዝናብ ካባራ በኋላ ጣሪያው ላይ ይውጡና ውሃ ያቆረበትን ቦታ ዙሪያውን በጠመኔ ያስምሩ። ከሁለት ቀን በኋላም ውሃው እዚያው ካለ ችግሩ ተዳፋት ማጣት ነው። ጣሪያው በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲም ያህል ወደ መውረጃው መውረድ አለበት።

"ታዲያ ሊሾ እንጨምርበት" ይባላል። ይህ ሲደረግ ክብደቱን ማስላት ግድ ነው። በምሳሌያችን ቤት ከመሃል ወደ ሁለቱ ጎን 5 ሜትር፣ በሜትር 1.5 ሳንቲም ተዳፋት እንስጥ። ጫፍ ላይ 3 ሳንቲም ቢጀምር መሃል ላይ 10.5 ይደርሳል። አማካዩ 7 ሳንቲም ገደማ ነው። በ120 ካሬ ላይ ሲሰላ 17 ቶን የሚጠጋ ጭነት ይሆናል። መሐንዲስ ሳያየው ይህን ሶሌታ ላይ መጫን አደገኛ ነው። ብዙ ጊዜ የተጎደጎደውን ብቻ በጥገና ሞርታር መሙላትና የመውረጃውን አፍ ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ዝናብ ጋብ ሲል መሥራት

ይህ ስህተት ጎንደር ውስጥ ከሁሉም በላይ ገንዘብ ይበላል። በነሐሴ ሁለት ቀን ፀሐይ ይወጣል፣ ላዩ ይነጣል፣ ሠራተኛ ይጠራል። ሶሌታው ግን ውስጡ እንደራሰ ነው። ሜምብሬኑ ከተለጠፈ በኋላ የበጋው ፀሐይ ሲያግለው እርጥበቱ ተን ሆኖ መውጫ ይፈልጋል። መውጫ ስለሌለው ሜምብሬኑን ከኮንክሪቱ አላቆ እንደ ፊኛ ያሳብጠዋል። ያበጠው ቦታ ይረገጣል፣ ይቀደዳል፤ በቀጣዩ ክረምት ያፈሳል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉና አሳድረው ይዩት። ከሥሩ የውሃ ጠብታ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ገና አልደረቀም። ዋናው ሥራ ከኅዳር በኋላ ይሁን። በክረምቱ መሃል መውረጃውን መጥረግና ክፉኛ የሚያስገባውን ቦታ በሸራ መሸፈን ይሻላል።

በካሬ ዋጋ ብቻ ማወዳደር

ሦስቱ የሜምብሬን ዓይነቶች፣ ማለትም ጥቅሉ፣ ሉሁና ፈሳሹ፣ የሚለያዩት በዋጋ ብቻ አይደለም።

በእሳት የሚለጠፈው የሬንጅ ሜምብሬን በጥቅል ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት። ላዩ ፀሐይ ለሚመታው ጣሪያ 4 ሚሊ ሜትር የሆነውንና የድንጋይ ፍርፋሪ የለበሰውን ይምረጡ። ያልለበሰውን የጎንደር የደጋ ፀሐይ ቶሎ ያደርቀዋል። መገጣጠሚያው 10 ሳንቲም ይደራረብ፣ የጥቅሉ ጫፍ 15። ሠራተኛው በደንብ አቅልጦት ከሆነ በመገጣጠሚያው ጠርዝ የቀለጠ ሬንጅ እንደ ቀጭን ገመድ ሳይቋረጥ ወጥቶ ይታያል። ሲቀዘቅዝ በመለሰኛ ጫፍ ቆስቆስ ያድርጉት፤ ጫፉ ከገባ አልተጣበቀም። ፓራፔቱ ላይም ቢያንስ 15 ሳንቲም መውጣት አለበት። ይህ ዓይነት ለጥ ላለ፣ ብዙ ነገር ላልቆመበት ጣሪያ የኔ ምርጫ ነው።

ሉሁ፣ ማለትም ፒቪሲ ወይም ቲፒኦ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት፣ መገጣጠሚያው በሙቅ አየር ማሽን ይበየዳል። በሚገባ ከተበየደ ግሩም ነገር ነው። ነገር ግን ማሽኑና የለመደ እጅ ከሌለ መግዛቱ ትርፍ የለውም። በኋላ ቢቀደድ ማን ይበይደዋል? ደግሞ ፒቪሲ አሮጌ ሬንጅ ላይ በቀጥታ ከተነጠፈ ለስላሳነቱን እያጣ ይደርቃል፤ በመሃል መለያ ጨርቅ ያስፈልገዋል።

ፈሳሹ በቡርሽና በሮለር የሚቀባ ስለሆነ መገጣጠሚያ የለውም፣ ጥግና ጉጥ ሁሉ ይደርሳል። እዚህም ግን ሁለት ዓይነት ስላለ አንዱን ከሌላው አያምታቱ። በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ውሃ ያቆረበት ቦታ ላይ እየላላ ይነሳል። ፖሊዩሬቴን ዋጋው ከበድ ቢልም ያቆረ ውሃን በተሻለ ይችላል።

ለአዘዞው ቤት እኔ ፖሊዩሬቴን ነው የምመርጠው። ምክንያቱ ፌሮውና ታንከሩ ናቸው። ጥቅልም ሆነ ሉህ በቆመ የፌሮ እስር ዙሪያ ሲቆራረጥ ውሃ የማያስገባ አድርጎ መዝጋት እጅግ ከባድ ነው። መጀመሪያ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይነሳ። ከዚያ በእያንዳንዱ እስር ዙሪያ 20 ሳንቲም ከፍታ ያለው የኮንክሪት ጉጥ ይሞላ። ሲደርቅ ፈሳሹ ከወለሉ ተነስቶ ጉጡን ይልበስ፣ ጥጉ ላይ የማጠናከሪያ ጨርቅ በሁለት ቅብ መሃል ይግባ። ከጉጡ በላይ ያለው ፌሮም የዝገት መከላከያ ይቀባ።

ፈሳሹን ማሳሳት

የፈሳሽ አቅሙ ውፍረቱ ነው። ወለሉ 120 ካሬ ነው። 44 ሜትር የፓራፔት ዙሪያ በ20 ሳንቲም ከፍታ ሲጨመር 129 ካሬ ይደርሳል። የአምራቹ ወረቀት 1.5 ኪሎ በካሬ ካለ 194 ኪሎ ማለት ነው፤ በ25 ኪሎ ባልዲ 8 ባልዲ። "በ4 ባልዲ እንጨርሰዋለን" የሚል ሠራተኛ ግማሹን ውፍረት እየሸጠልዎ ነው። ባልዲዎቹ ጣሪያው ላይ ሲከፈቱ ይቁጠሩ። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ቅብ ቀለም ቢለያይ ደግሞ ያልተደረሰው ቦታ በዓይን ይለያል።

ሳይፈትኑ መክፈል

የመጨረሻውን ክፍያ ያቆዩ። ቅቡ በወረቀቱ መሠረት ከደረቀ በኋላ መውረጃው ይደፈንና ውሃ ይተኛበት። ጣሪያው በሙሉ በ5 ሳንቲም ቢሞላ 6,000 ሊትር ይፈጃል፤ ውሃ እንደልብ ካልተገኘ በአሸዋ ከረጢት ከፍለው በየተራ ይፈትኑት። በካሬ 50 ኪሎ ስለሚጫን ከዚያ በላይ አይሙሉት። ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ፣ ሁለት ቀን ቢሆን ይመረጣል። ከታች ኮርኒሱ ተከፍቶ የሶሌታው ሆድ በባትሪ ይታይ፣ በተለይ ኮለኖቹ አናት ላይና መውረጃው ዙሪያ። አዲስ እርጥበት ካለ ሠራተኛው ገና ከተማ ሳለ ይመለስበታል።