ቦቱ የማያውቀውን በጨዋነት እንዲያልፍ

አንድ ፋርማሲ የቴሌግራም ቦት አለው። ሥራው ስለ መድኃኒት መኖር፣ ስለ ዋጋና ስለ ሥራ ሰዓት መመለስ ነው። ለቦቱ የተጻፈለት መመሪያ «የሕክምና ጥያቄ አትመልስ» ይል ስለነበር «ልጄን አተኩሶታል፣ የፓራሲታሞል ሽሮፕ አላችሁ?» ያለችውን እናት ጭምር ይቅርታ ደርድሮ ሸኛት። ሽሮፑ እኮ መደርደሪያው ላይ አለ!

ክልከላውን አነሳሁና መጀመሪያ የሚችለውን ዘረዘርኩለት፣ ከዚያ ይህን ጨመርኩ፦

```
ጥያቄው ሁለት ነገር ከያዘ የምትችለውን መልስ፤ የቀረውን ብቻ እለፍ።
እምቢታው ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ።
መጨረሻ ላይ ለጥያቄው የሚቀርበውን አገልግሎት አቅርብ።
```

ከሕጉ ይልቅ የሠራው ግን መመሪያው ውስጥ ያስገባሁት የመልስ ምሳሌ ነው። «ስንት ሚሊ ልስጠው?» ለሚለው እንዲህ ጻፍኩ፦ «መጠኑን የሚነግርዎት ፋርማሲስታችን ነው፤ ስልኩን ልስጥዎት?»

ምሳሌዎቹ ሁሉ ስለ መድኃኒት ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ስለ ኳስ ለጠየቀውም ሰው ፋርማሲስት ማገናኘት ጀመረ፣ ስለዚህ አንድ የኳስ ምሳሌ አስገባሁ። መተንፈስ ያቃተው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ከተጠቀሰ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። ሽያጭ የለም፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ይሂዱ ይላል።

አሁን መመሪያውን በነካሁ ቁጥር የምሞክረው የበሽታ ስም ያለባቸውን የዋጋ ጥያቄዎች ነው፤ ቶሎ የሚበላሸው እዚያ ጋ ነው።