የክሊኒክ ቀጠሮ አፕ ፕሮፖዛል፦ ከካርድ ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ጀምሩ

የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ፕሮፖዛል መጀመሪያ ስናስገባ የችግሩ መግለጫ ላይ «ክሊኒኮች ቀጠሮ የሚይዙት በወረቀት ስለሆነ የታካሚ ጊዜ ይባክናል» ብለን ነበር። አማካሪያችን ዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ስንት?» ብሎ ጽፎ መለሰልን። እርስ በርስ ተያይተን ዝም አልን።

ስለዚህ ላፕቶፑን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ክሊኒክ ምረጡ። «የጅማ ክሊኒኮች» አትበሉ፤ አንድ ይበቃል። ከዲፓርትመንታችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ፣ ኃላፊውን አስፈቅዱና ሁለት ጠዋት ካርድ ክፍሉ አጠገብ ተቀመጡ። አንዱ ጠዋት የገበያ ቀን ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከደዶና ከሰቃ የሚመጣ ሰው ገበያውንም ሕክምናውንም በአንድ ጉዞ መጨረስ ይፈልጋል። ደብተራችሁ ላይ ሦስት ነገር ብቻ መዝግቡ፦ ሰውየው የተቀጠረበትን ሰዓት፣ የደረሰበትን ሰዓት፣ ሐኪሙ ዘንድ የገባበትን ሰዓት። ስምና ሕመም አትጻፉ። አያስፈልጋችሁም፤ ለምን ሰበሰባችሁት የሚል ጥያቄም ያስከትላል።

እኛ ስንቀመጥ የመጀመሪያው ዓምድ አስቸገረን። ቀጠሮ የተሰጠው ሁሉ የተባለው «ማክሰኞ ጠዋት» ነበር፤ ሰዓት የለውም። ችግሩ ወረቀቱ እንዳልሆነ የገባን ያኔ ነው። ሒሳቡን እዩት። ሐኪሙ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30 ይሠራል እንበል፤ ለአንድ ሰው 15 ደቂቃ ቢሰጥ 16 ሰው ያያል። 16ቱም 2:30 ላይ ከደረሱ የመጨረሻው ሰው 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይጠብቃል፤ አማካዩ ወደ 112 ደቂቃ ይደርሳል። አፑም «ማክሰኞ ጠዋት» ብሎ የሚቀጥር ከሆነ ይህ ቁጥር ንቅንቅ አይልም።

የችግሩን መግለጫ በዚህ መልክ ስትጽፉት ዓላማው ራሱ ይመጣል። «ቀልጣፋ ሥርዓት መዘርጋት» የሚለውን ሰርዙና «አማካይ ጥበቃን ከ112 ወደ 40 ደቂቃ ማውረድ» በሉ፤ የመነሻውን ቁጥር ግን ከራሳችሁ ደብተር ውሰዱ። ዝርዝር ዓላማዎቹ ከዚያ ይከተላሉ፦ ቀኑን በ15 ደቂቃ መከፋፈል፣ አንድን ሰዓት ለሁለት ሰው አለመስጠት፣ ያልመጣን ሰው ቦታ መልቀቅ። ከ16ቱ ቦታ አራቱን ያለ ቀጠሮ ለሚመጣ ሰው ባዶ ተዉ። ትኩሳት የያዘው ልጅ ቀጠሮ አይዝም፤ ይህን ያልቆጠረ ፕሮፖዛል ዲፌንስ ላይ ቶሎ ይያዛል።

ቀጥሎ ስኮፑ ነው። ብዙ ግሩፕ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ክፍያ፣ ላብራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ የቪዲዮ ምክክር ይጨምራሉ። ሁሉንም አውጡና አንድ ጥያቄ ብቻ መልሱ፦ አፑን የሚነካው ማን ነው? አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት ብዙዎቹ የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ከሆነ፣ ቀጠሮውን የምትይዘው የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ናት፤ ታካሚው የሚደርሰው አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው።

ለመልእክቱ በጀት ስታሰሉ ፊደሉን አትርሱ። በላቲን የሚጻፈው የአፋን ኦሮሞ መልእክት በአንዱ 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው ግን 70 ብቻ ነው። ካለፈ ተከፍሎ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። «ቀጠሮዎ ማክሰኞ ጥር 19 ከጠዋቱ 4:00 ነው። ካርድ 0417» ከነክፍተቱ 38 ነው፤ የክሊኒኩን ስም ለመጨመር ቦታ ይተርፋል። የሕክምናውን ዓይነት ግን እንዳትጨምሩ። አንድ ስልክ የቤተሰቡ ሁሉ ሊሆን ይችላል፤ በዚሁ ምክንያት ታካሚን በስልክ ቁጥር ሳይሆን በካርድ ቁጥር ለዩ።

ሰዓትና ቀንም በፕሮፖዛሉ ውስጥ የራሳቸው አንቀጽ ይገባቸዋል። ዳታቤዙ 10:00 ብሎ የያዘውን ታካሚው 4 ሰዓት ብሎ ማንበብ አለበት። እኛ ይህን ዘንግተን የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ሠራተኛዋ «10 ሰዓት? ከሰዓት ሐኪም የለንም እኮ» ብላ ሳቀችብን። ለቀኑ ደግሞ መፈተኛችሁ ጳጉሜ ይሁን። ጳጉሜ 1 ቀን 2018 የመጣ ሰው «በሳምንቱ» ቢባል መስከረም 3 ይመለሳል፤ በ2019 ግን ጳጉሜ 6 ቀን ስላላት ያው ስሌት መስከረም 2 ይሰጣል። አፑ ሁለቱን ካልለየ ሰው ባልተቀጠረበት ቀን ይመጣል።

የቴክኖሎጂ ምርጫችሁን በግማሽ ገጽ ጨርሱት፤ ግሩፑ የሚያውቀውን ቋንቋ ምረጡ። የጊዜ ሰሌዳው ላይ ግን ከዲፌንሱ በፊት ሁለት ተጨማሪ ጠዋት ያዙ። ያንኑ ባለ ሦስት ዓምድ ደብተር ይዛችሁ ወደዚያው አግዳሚ ወንበር ትመለሳላችሁ፤ ያኔ የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ሰዓት ይኖራል።